የእጅ ቦርሳን ከልብስና ከጫማ ጋር ማስማማት፦ ከደረጃ ተነሥቶ በቀለም የሚጠናቀቅ አሠራር

ቦርሳ ለመምረጥ መስታወት ፊት የምትቆም ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትነሣው ከቀለም ነው፤ ጫማዋ ቀይ ከሆነ ቀይ ቦርሳ፣ ጥቁር ከሆነም ጥቁር ቦርሳ ትፈልጋለች። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በመጀመሪያ የልብሱና የጫማው ደረጃ ይለያል፣ ቀጥሎ የቦርሳው መጠን፣ ከዚያም የተሠራበት ነገር ይወሰናል፤ ቀለም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ቀለሙ ከጫማው ጋር ልክ የገጠመ ትልቅ የሥራ ቦርሳ በሠርግ አዳራሽ ውስጥ ቦታውን እንደሳተ ከሩቅ ያስታውቃል። በአንጻሩ መጠኑና ጥራቱ ለልብሱ የተመጠነ ቦርሳ ቀለሙ ከጫማው ቢለይም ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥርበትም። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት አዲስ አበባ ውስጥ ከሚለበሱ ሁለት ዓይነት አለባበሶች ማለትም ከቢሮ ልብስና ከሐበሻ ቀሚስ ነው።

አንደኛ፦ ደረጃውን ከጫማው ያንብቡ

ልብስን የዘወትር፣ የሥራና የክብር ብሎ በሦስት መክፈል ለዚህ ሥራ ይበቃል። ልብሱ ብቻውን ደረጃውን ሁልጊዜ አይናገርም፤ ያው ጥቁር ቀሚስ በሸራ ጫማ የዘወትር፣ በዝቅተኛ ታኮ የሥራ፣ በቀጭን ረጅም ታኮ ደግሞ የክብር ልብስ ይሆናል። ስለዚህ ቦርሳውን ከመምረጥዎ በፊት የሚጫሙትን ጫማ ወስነው ወለሉ ላይ ያስቀምጡት፤ ሦስት ነገሮችንም ይመልከቱበት። ሶሉ ምን ያህል ይወፍራል? ታኮው ምን ያህል ይቀጥናል? ገጹስ ልስልስና አንጸባራቂ ነው ወይስ ሸካራና ደብዛዛ? ሶሉ እየሳሳ፣ ታኮው እየቀጠነና ገጹ እየለሰለሰ በሄደ ቁጥር የጫማው ደረጃ ከፍ ይላል።

ቦርሳም በተመሳሳይ መንገድ ይነበባል። ትንሽ የሆነ፣ ቅርጹን ጠብቆ የሚቆም፣ ገጹ ልስልስ የሆነና ከውጭ ኪስ የሌለው ቦርሳ ለክብር ይቀርባል፤ ትልቅ፣ ሲቀመጥ የሚተኛ፣ ብዙ ኪስና ዘለበት ያለበት ደግሞ ለዘወትር ይቀርባል። መያዣውም ምልክት ነው፦ በእጅ የሚያዘው ከፍተኛው፣ በክንድ የሚንጠለጠለው ቀጣዩ፣ በትከሻ የሚንጠለጠለው ከዚያ ዝቅ ያለው፣ ደረት አቋርጦ የሚወርደው ደግሞ የዘወትሩ ነው። ቦርሳው ከጫማው በአንድ ደረጃ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ይፈቀዳል፣ እንዲያውም አለባበሱን ያለሰልሰዋል፤ በሁለት ደረጃ ሲራራቁ ግን ከሁለቱ አንዱ ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስላል። ደረት አቋርጦ የሚወርድ የሸራ ቦርሳ ከቀጭን ታኮ ጋር ሲሆን የሚደርሰው ይህ ነው።

ሁለተኛ፦ መጠኑን በዕቃና በሰውነት ይለኩ

በዓይን መገመት እዚህ ላይ ያሳስታል። ገበያ ከመውጣትዎ በፊት በዚያ ቀን የሚይዙትን ዕቃ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው በማስመሪያ ይለኩት። ለቢሮ የሚሆነው ቦርሳ መለኪያ ወረቀት ነው፤ ኤ 4 የሚባለው ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ሳይታጠፍ በጎኑ እንዲገባ የቦርሳው አፍ ቢያንስ 33 ሴንቲ ሜትር መክፈት አለበት። ላፕቶፕ የምትይዝ ሴት ከላፕቶፑ ወርድ ላይ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ጨምራ ትፈልግ፤ ዚፑ ጥግ ላይ ሲጠብ ልኩ የተባለው ቦርሳ አይዘጋም። ከ40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለፈው ግን ከሱፍ ልብስ ጋር ሲያዝ የጉዞ ሻንጣ መምሰል ይጀምራል።

ለሠርግና ለእራት ግብዣ የሚሆነው ቦርሳ መለኪያ ስልክ ነው። የዛሬ ስልኮች አብዛኞቹ ከ15 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝሙ፣ ወርዱ ከውስጥ 18 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ቦርሳ ለዓይን ቢያምርም አይጠቅምም። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ወርድና ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ስልክ፣ ቁልፍ፣ ሶፍትና ትንሽ ገንዘብ ይይዛል። ከውጭ የተለካው ልክ ያታልላል፤ ደረቅ ካርቶን ውስጡ የገባበት ቦርሳ በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላል፣ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ስልክዎን ከነሽፋኑ አስገብተው ዘግተው ይሞክሩት። ሲዘጋ ሆዱ የሚነፋ ከሆነ ደረጃው ወዲያው ይወርዳል፤ የክብር ቦርሳ ገጹ ዝርግ ሆኖ መዘጋት አለበት።

ቀጥሎ ማንገቻውን ይመልከቱ። የቦርሳ ታች ያረፈበት የሰውነት ክፍል በዓይን ሰፍቶ ይታያል፤ በዳሌ ሰፊው ቦታ ላይ የሚያርፍ ቦርሳ ዳሌን ያሰፋል፣ ወገብ አካባቢ የሚቆመው ደግሞ ዓይንን ወደ ወገብ ይስባል። ከማንገቻው መሀል እስከ ቦርሳው አፍ ያለው ቁመት ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቦርሳው በብብት ሥር ስለሚቆይ ከጃኬት ጋር ይስማማል። ቁመናዋ አጠር ያለ ሴት ረጅም ማንገቻ ያለውን ቦርሳ ከማሳጠር ይልቅ ትታው ብትሄድ ይሻላል፤ ቀዳዳ እየተጨመረ ያጠረ ማንገቻ ጫፉ ተንጠልጥሎ ይቀራልና።

ሦስተኛ፦ ቆዳውንና ድምቀቱን ከጫማው ጋር ያመዛዝኑ

አገራችን ቆዳ የሚመረትባት አገር ስለሆነች በመርካቶም ሆነ በከተማው የቆዳ ሱቆች ምርጫው ሰፊ ነው፤ ዳሩ ግን ሻጩ ሁሉንም «ኦሪጅናል ቆዳ» ስለሚለው ልዩነቱን ገዢዋ ራሷ ማወቅ አለባት። የበግ ቆዳ ቀጭንና ለስላሳ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ የሚፈለገው በዚህ ልስላሴው ነው፤ ይሁን እንጂ ቅርጹን ጠብቆ መቆም ስለማይችል ለትንሽ የክብር ቦርሳ የሚሆነው ከሥሩ ደረቅ ነገር ሲገባበት ብቻ ነው፣ ጭነት በበዛበት ትልቅ ቦርሳ ላይ ደግሞ እጀታው አካባቢ ይለጠጣል። የፍየል ቆዳ ገጹ ላይ ደቃቅ ፍሬ ፍሬ የሚመስል ውስብስብ ነገር ይታያል፤ ከበጉ ይልቅ ይጠነክራል፣ ጭረትም ቶሎ አይታይበትም። በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው የባቲ ፍየል ቆዳ ሱዊድ ለሚባለው፣ ገጹ እንደ ጨርቅ ለሚለሰልሰው ቆዳ ተመራጭ ነው። የከብት ቆዳ ወፍራምና ደረቅ ስለሆነ ቅርጹን ጠብቆ ለሚቆም የቢሮ ቦርሳ ከሁሉ ይሻላል። ሰው ሠራሽ ቆዳ ርካሽነቱና ቀለሙ ይማርካል፤ ሆኖም ብዙው ቢቀመጥም ከዓመታት በኋላ ገጹ ይሰነጣጠቅና ይላጣል፣ ስለዚህ በዓመት አንዴ ለሚያዝ የሠርግ ቦርሳ ቆጥቦ ማስቀመጡ ዕድሜውን አያረዝምለትም።

ከጫማ ጋር በሚመዛዘንበት ጊዜ የቆዳው ዓይነት የግድ አንድ መሆን የለበትም፤ አንድ ሊሆን የሚገባው የድምቀቱ ደረጃ ነው። ልስልስ ጫማ ከልስልስ ወይም በመጠኑ ፍሬ ፍሬ ካለው ቦርሳ ጋር ይሄዳል። የሱዊድ ጫማ ከሱዊድ ቦርሳ ጋር ግን በተለይ ሁለቱም ቡኒ ሲሆኑ ከብዶ ስለሚታይ፣ ከሁለቱ አንዱን ልስልስ ማድረጉ ይሻላል። በጣም የሚያብረቀርቅ ነገር በአንድ አለባበስ ላይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢኖር መልካም ነው፦ ጫማው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቦርሳው ደብዘዝ ይበል፣ ቦርሳው ጨሌ ወይም ብልጭልጭ ካለበት ደግሞ ጫማው ጸጥ ያለ ይሁን። የእባብና የአዞ ገጽ በማስመሰል የታተመበት ቦርሳም እንደ ብልጭልጭ ይቆጠራል፤ ጫማውም ያው ገጽ ታትሞበት ሲደጋገም ዋጋው ውድ እንኳ ቢሆን ርካሽ ያስመስለዋል።

ነጭ ወይም ፈዛዛ ልብስ የምትለብስ ሴት ከመግዛቷ በፊት አንድ ፈተና ማድረግ ይኖርባታል። ነጭ ሶፍት ወይም መሀረብ በትንሹ አርጥባ ከቦርሳው ጀርባና ከማንገቻው ሥር ከ10 እስከ 15 ጊዜ ትፈትገው። ሶፍቱ ላይ ቀለም ከታየ ያ ቦርሳ በላብና በዝናብ ጊዜ ልብሱን ያቀልማል፤ ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ሱዊድ ከሁሉ የባሱ ናቸው። ከጥጥ ፈትል የተሸመነ ቀሚስ የያዘውን የቆዳ ቀለም በማጠብ ሙሉ በሙሉ ማስለቀቅ በጣም ከባድ ነው።

አራተኛ፦ ቀለሙን በሦስት መንገድ ከአንዱ ይወስኑ

አንደኛው መንገድ ቦርሳውን ከጫማው ጋር በአንድ ቀለም ማስማማት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ በነበረው የአለባበስ ሥርዓት ቦርሳ፣ ጫማና ጓንት አንድ ዓይነት ቀለም መሆናቸው የሥነ ሥርዓት ምልክት ነበር፤ «ቦርሳ ከጫማ ጋር ይግጠም» የሚለው ልማድ በብዛት የተስፋፋው በዚያ ዘመን ነው። ዛሬ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ከሱፍ ልብስና ከለቅሶ ልብስ ጋር ጥቁር ከጥቁር መግጠሙ አሁንም የማይሳሳት መንገድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አንድ የቀለም ቤተሰብ ውስጥ ሆኖ በግልጽ መለያየት ነው፤ ጥቁር ቡኒ ጫማ ከፈዛዛ የካራሜል ቦርሳ ጋር እንደሚሆነው ማለት ነው። እዚህ ላይ «በግልጽ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። በጥቂቱ ብቻ የተለያዩ ሁለት ቡኒዎች ወይም ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲታዩ ለመግጠም ተሞክሮ ያልተሳካ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ከቀለም ስህተቶች ሁሉ የከፋው ይኸው ሊገጥም ጥቂት የቀረው ነው። ልዩነቱ በቂ መሆኑን ለማወቅ ጫማውንና ቦርሳውን ጎን ለጎን አስቀምጠው በስልክ ፎቶ ያንሡና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት፤ አንደኛው ከሌላው በግልጽ ጠቆር ብሎ ካልታየ ልዩነቱ አይበቃም። ፎቶውን ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን ያንሡት። በሱቅ መብራት ሥር አንድ የሚመስሉ ሁለት ቡኒዎች ደጅ ሲወጡ አንዱ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ሊያደላ ይችላል፤ ሻጩን አስፈቅደው ሁለቱንም ወደ በሩ ይዘው ይውጡ።

ሦስተኛው መንገድ ቦርሳውን ከጫማው ሳይሆን ከልብሱ ውስጥ ካለ አነስተኛ ቀለም ጋር ማገናኘት ነው፤ ይህም ለሐበሻ ቀሚስ እጅግ የሚመች ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ። ከሦስቱ የትኛውንም ቢመርጡ ዘለበቱ፣ ዚፑና ሰንሰለቱ ከጌጡ ጋር አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ወርቅ ላደረገች ሴት ወርቅማ፣ ብር ላደረገች ብርማ። የሰዓትና የጫማ ዘለበት ሳይቀር ይቆጠራል።

አምስተኛ፦ ለሐበሻ ቀሚስ የተለየ ጥንቃቄ

ሐበሻ ቀሚስ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ መደብና ባለቀለም ጥበብ ስላለው ቀለም መምረጡ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ማንገቻው ላይ ነው። ነጠላ በትከሻ ላይ ሲጣል የትከሻ ማንገቻ ከላዩ ከሆነ ይጨመድደዋል፣ ከሥሩ ከሆነ ደግሞ ነጠላው በተስተካከለ ቁጥር ቦርሳው ይንሸራተታል። የሰንሰለት ማንገቻ ከዚህም የባሰ ነው፤ የሰንሰለቱ ቀለበቶች የነጠላውን ስስ ፈትልና የጥበቡን ክር ይመዛሉ፣ የተመዘዘ ክር ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ ከሐበሻ ቀሚስ ጋር የሚያዘው ቦርሳ በእጅ ወይም በክንድ የሚያዝ ይሁን፤ ሰንሰለቱ የሚነቀል ከሆነም ነቅለው ቤት ይተዉት። በጨሌና በሽቦ ጌጥ የተሸፈነ ቦርሳም ክር ይመዛል፤ እጅዎን ገጹ ላይ ሲያሻሹ የሚቧጭር ከሆነ ቀሚሱንም ይቧጭራል።

ምንም መያዣ የሌለው በመዳፍ ብቻ የሚያዝ ቦርሳ ደግሞ ለኛ ሠርግ አይመችም። አንድ እጅ ሳህን ይይዛል፣ ሌላው እጅ ይጎርሳል፣ በመሀል የሚሳም ዘመድ ይመጣል። በእጅ አንጓ የሚገባ አጭር የቆዳ ማንገቻ ያለው ቦርሳ ይህን ሁሉ ይፈታል፤ ማንገቻው ላልቶ ሳህኑ ውስጥ እንዳይነከር ግን ከ15 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ቀለሙን ለመወሰን ጥበቡን ከሁለት ሜትር ርቀት ይመልከቱት፤ ከዚያ ርቀት ጎልቶ የሚታየው ቀለም ዋናው፣ ቀርበው ካልሆነ የማይለየው ደግሞ ሁለተኛው ነው። ጫማው ዋናውን ከያዘ ቦርሳው ሁለተኛውን ይያዝ፣ ወይም ይህ ይገልበጥ። ሁለቱም ዋናውን ሲይዙ አለባበሱ የደንብ ልብስ ይመስላል። የጥበቡ ክር ወርቅማ ወይም ብርማ ከሆነ የዘለበቱ ቀለም ያንኑ ይከተል።

አንድ ቅዳሜ በዝርዝር

ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ባንክ የምትሠራ፣ ከዚያም በቀጥታ ሠርግ የምትሄድ ሴት እንውሰድ። ለሥራ የምትለብሰው ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ከ5 ሴንቲ ሜትር ታኮ ጥቁር ጫማ ጋር ነው። ለሠርጉ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ፣ ጥበቡ ጥቁር አረንጓዴና ወርቅማ የሆነ ነጭ ቀሚስ፣ 7 ሴንቲ ሜትር ታኮ ካለው ወርቅማ ባለማሰሪያ ጫማ ጋር ትለብሳለች። ቤቷ ያሉት ቦርሳዎች ሦስት ናቸው፦ ወርዱ 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር የከብት ቆዳ፣ ዘርፍ ያለው ቡኒ የሱዊድ የትከሻ ቦርሳና ሰንሰለት ያለው ቀይ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ቦርሳ።

የሥራው ቀላል ነው። ጥቁሩ የከብት ቆዳ ወረቀት ይይዛል፣ ቅርጹን ጠብቆ ይቆማል፣ ከጥቁሩ ጫማ ጋር ይገጥማል፤ ከሱፉ ጥቁር ሰማያዊ ጋር ቢለያይም ጥቁሩ ጫማና ቦርሳው ላይ ሁለት ጊዜ ስለታየ ታስቦበት እንደተደረገ ይነበባል። ለሠርጉ ግን ከሦስቱ አንዱም አይሆንም። ጥቁሩ ትልቅ ነው፤ ሱዊዱ በደረጃ ከቀጭኑ ታኮ በሁለት ይወርዳል፣ ከነጭ ቀሚስ ጋር ሲፋተግም ቀለም ይለቃል። ቀዩ በመጠን ልክ ቢሆንም ሰንሰለቱ ነጠላውን ይመዛል፣ ቀለሙ በጥበቡ ውስጥ የለም፣ ድምቀቱም ከወርቅማው ጫማ ጋር ይሻማል።

ስለዚህ አንድ ትገዛለች። ሱቅ ውስጥ ሁለት ይቀርቡላታል፦ አንደኛው ወርቅማ ብልጭልጭ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ጥቁር አረንጓዴ የፍየል ቆዳ፣ ወርዱ 22 ቁመቱ 14 ሴንቲ ሜትር፣ የእጅ አንጓ ማንገቻ ያለው። ወርቅማው ከጫማው ጋር ስለሚገጥም ቶሎ ይማርካል፤ ይሁን እንጂ ወርቅማ ቀለም በጫማው፣ በጆሮ ጌጧና በጥበቡ ላይ ሦስት ጊዜ ስላለ አራተኛው ይበዛል፣ የሁለት የተለያዩ ወርቅማዎች ቀለምም እምብዛም አንድ ሆኖ አይገኝም። አረንጓዴው የጥበቡን ዋና ቀለም ይይዛል፣ ወርቅማው ዚፑ ደግሞ ከጫማው ጋር ያገናኘዋል። ወደ በሩ ይዛው ወጥታ ከነጠላዋ ጥለት ጎን ታየዋለች፤ ከጥለቱ ይልቅ በግልጽ ጠቆር ስለሚል የቀረበ ግን ያልገጠመ አይመስልም። በእርጥብ ሶፍት ትፈትገዋለች፣ ስልኳን አስገብታ ትዘጋዋለች፣ ከዚያም ዋጋ ትከራከራለች። ቅዳሜ ጠዋት አረንጓዴው ቦርሳ በጥቁሩ ውስጥ ሆኖ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ልብስ ስትቀይር ጥቁሩ ቢሮ ወይም መኪና ውስጥ ይቀራል።

ገንዘቡ ካልደረሰና ካለው ጋር መሄድ ግድ ከሆነ፣ ከጓደኛ የተዋሱት ትንሽ ጥቁር ቦርሳም ሊሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ መቀየር ያለበት ጫማው ነው። ጥቁር ቦርሳ በነጭ ቀሚስና በወርቅማ ጫማ መካከል ብቻውን ሲሆን እንደ ነጠብጣብ ጎልቶ ይታያል፤ ጫማውም ጥቁር ሲሆን ግን ጥቁሩ ከላይና ከታች ተደግሞ አለባበሱን ይይዘዋል። ሠርጉ የሚጀምረው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል ከሆነ ደግሞ ጫማ ከደጅ ስለሚወልቅ፣ በዚያ ሰዓት ቦርሳው መስማማት ያለበት ከቀሚሱና ከነጠላው ጋር ብቻ ነው። ትንሹ ቦርሳ ጫማ ስለማይይዝ፣ ጫማውን የሚያስገቡበት የታጠፈ የጨርቅ ከረጢት አብሮ ቢያዝ ሌላ ትልቅ ቦርሳ ማንጠልጠል አያስፈልግም።